ለ76 ዓመት እናት የመድኃኒት መጠን ለምን ይቀነሳል? የትኞቹስ ያሰጋሉ?

ጥያቄ፦ «እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ 45 ኪሎ ናት። የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት። ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ኢናላፕሪል 10፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ትወስዳለች። ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን 25 ታዞላታል። ጉልበቷን ሲያማት ደግሞ ዳይክሎፌናክ 50 ከፋርማሲ እገዛላታለሁ፤ አሁን አሁን በየቀኑ ሆኗል። ጾም አታፈርስም፤ ክኒኑን ጎህ ሳይቀድ ውጣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ የምትበላው 9 ሰዓት ላይ ነው። በቅርቡ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ቀትር ላይም አንዳንዴ ትቀባጥራለች። ሐኪሙ ‹ዕድሜዋ ነው› ብሎ የስኳሯን ክኒን በግማሽ ቀነሰው። ኩላሊቷ ደህና ነው፣ ክሬቲኒን 1.0 ነው ተብለናል። ታዲያ ለምን ይቀነሳል? ስኳሯ አይጨምርም? ሌሎቹንስ ግማሽ ግማሽ ላድርጋቸው?»

ምላሽ፦ ሌሎቹን በራስዎ ግማሽ አያድርጓቸው። የሐኪሙ ውሳኔ ትክክል ነው፤ በእኔ እምነት ግን ግማሹ አይበቃም። የስኳሩ ክኒን ግሊቤንክላማይድ ለእናትዎ ጨርሶ መቀየር ያለበት መድኃኒት ነው። ከዘረዘሯቸው አምስት መድኃኒቶች ሦስቱ ለአረጋውያን አስጊ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱ የግፊት መድኃኒቶች፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ደግሞ ከዳይክሎፌናክ ጋር ሲገናኙ አደጋ ይፈጥራሉ። መውደቁንም መቀባጠሩንም «እርጅና ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት መድኃኒቶቹን መመርመር ይገባል።

መጀመሪያ «ኩላሊቷ ደህና ነው» የሚለውን እናስተካክል። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ሰው ሲያረጅ ኩላሊቱ ይደክማል፤ በዚያው ልክ ጡንቻውም ይሟሽሻል። የሚመረተው ክሬቲኒን ስለሚያንስ የደከመው ኩላሊት ያንኑ ጥቂቱን ማጣራት አያቅተውም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርም «ኖርማል» ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ለመድኃኒት መጠን ስንወስን ቁጥሩን ከዕድሜና ከክብደት ጋር አስልተን ነው የምናየው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እርስዎም በስልክዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ከ140 ላይ ዕድሜን ይቀንሱ፣ በክብደት ያባዙ፣ 72 በክሬቲኒን ተባዝቶ ለሚገኘው ያካፍሉ፣ ለሴት ደግሞ በ0.85 ያባዙ። የእናትዎ እንዲህ ይወጣል፦

(140 − 76) × 45 ÷ (72 × 1.0) × 0.85 = 34

ይህ ማለት ኩላሊታቸው በደቂቃ 34 ሚሊሊትር ገደማ ያጣራል ማለት ነው። የ30 ዓመት፣ 60 ኪሎ የሆነች ሴት በዚያው በ1.0 ክሬቲኒን ብትሰላ 78 ይወጣላታል። ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓይነት የላቦራቶሪ ውጤት ይዘው ይመጣሉ፤ የእናትዎ ኩላሊት ግን የሚሠራው ከዚያችኛዋ ከግማሽ ባነሰ ፍጥነት ነው። በኩላሊት የሚወጣ መድኃኒት እሳቸው ጋ ሲደርስ ቀድሞ የገባው ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል። መጠኑ የሚቀነሰውም ለዚህ ነው፦ በትንሹ ክኒን ደማቸው ውስጥ የሚኖረው መድኃኒት ለወጣቷ በሙሉው ክኒን ከሚኖራት ጋር ይቀራረባል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ አንዳንድ ላቦራቶሪ ከክሬቲኒኑ ጎን ራሱ አስልቶ የሚያትመው ግምት ከ34 ከፍ ሊል ይችላል። ያኛው የሚሰላው ለመደበኛ የሰውነት ስፋት ስለሆነ ቀጭን ሰው ላይ ያጋንናል። ሁለቱም ግምት ናቸው፤ ሰው ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው ወይም ውኃ ሲጠማው ቁጥሩ በቀናት ውስጥ ይለዋወጣል።

ኩላሊት ብቻም አይደለም። በእርጅና ሰውነት ውስጥ ውኃው ይቀንሳል፣ ከጡንቻ አንጻር የስብ ድርሻ ይጨምራል። ስብ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት እዚያ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ይለቀቃል። የዚህ ግልጽ ማሳያ ዲያዜፓም ነው፦ በ20 ዓመት ወጣት ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ 20 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ በ80 ዓመት ሰው 90 ሰዓት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ማታ ማታ የሚወሰድ ከሆነ ከሦስት ቀን በፊት የተዋጠው ገና ሳይወጣ ነው አዲሱ የሚጨመረው። አንጎልም ቢሆን ለማስተኛና ለማደንዘዣ መድኃኒቶች ይበልጥ ስስ ይሆናል፤ ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት እኩል ቢሆንም አረጋዊው ይበልጥ ይደነዝዛል፣ ሚዛኑን ይስታል። ከመቀመጫ ሲነሱ የደም ግፊትን ቶሎ የሚያስተካክለው የሰውነት ምላሽም ይዘገያል፤ ብዙው መውደቅ እዚያች ቅጽበት ላይ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ግሊቤንክላማይድ እንምጣ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ይህ መድኃኒት ምግብ ኖረም አልኖረ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ዕጢ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል። ጉበት ሲሰባብረውም የሚወጡት ቁርጥራጮች ራሳቸው ስኳር የማውረድ ኃይል አላቸው፤ እነሱን የሚያስወጣቸው ደግሞ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም የመድኃኒቱ ጉልበት ከአንድ ቀን አልፎ ይቆያል። በዚህ ላይ የጾሙን ሰዓት ያስቡት። ክኒኑ ጎህ ሳይቀድ፣ 11 ሰዓት አካባቢ ተውጧል፤ ምግቡ የሚመጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ባዶ ሆድ ላይ ይሠራል፤ ቀትር ላይ መቀባጠር ቢመጣ አያስገርምም። ዐቢይ ጾም ይህ ለ55 ቀን የሚደጋገምበት ወቅት ስለሆነ ይበልጥ ያሰጋል።

አረጋውያን ላይ የስኳር መውረድ እንደ ወጣቱ ራሱን አይገልጥም። ወጣት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፤ ራሱ ነው የሚናገረው። አረጋዊ ግን ምንም ሳያልበው ዝም ሊል፣ ነገር ሊያምታታ፣ ሊያንቀላፋ፣ አንደበቱ ሊተሳሰር ወይም ሊወድቅ ይችላል፤ ቤተሰብም «ጃጁ» ወይም «ስትሮክ ነው» ይላል። ማረጋገጫው አንድ ነው፦ በመቀባጠሩ ሰዓት ጣታቸውን ወግቶ ስኳር መለካት። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙት። መለኪያ ከሌለዎት ሳይጠብቁ ስኳሩን ይስጡ፤ በዚያች ሰዓት ስኳር ከፍ ብሎ ቢገኝ የሚደርሰው ጉዳት ወርዶ ከሚያደርሰው ጋር አይወዳደርም። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አያፍስሱ፣ ሳንባቸው ውስጥ ይገባል፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው። ከዚህ መድኃኒት የመጣ የስኳር መውረድ ከነቁ በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ «ነቅታለች» ብሎ ወዲያው ወደ ቤት መመለስ ስሕተት ነው፤ ቢያንስ አንድ ቀን ሆስፒታል ቆይተው መታየት አለባቸው።

«ስኳሯ አይጨምርም?» ላሉት፣ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ ግን ትንሽ ከፍ ያለው ይሻላል። ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የሚጠቅመው ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን የዓይንና የኩላሊት ጉዳት ለመከላከል ነው፤ በስኳር መውረድ የሚመጣው የዳሌ ስብራት ግን ዛሬ ነው የሚደርሰው። ለአቅመ ደካማ አረጋዊ የሦስት ወር አማካዩ 8 በመቶ አካባቢ ቢሆን ተቀባይነት አለው፤ ወደ 6.5 ለማውረድ መታገል አያስፈልግም። በግሊቤንክላማይድ ምትክ ምን ይሰጥ የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል፤ እኔ ግን የምጠይቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች አይጥልም፤ ሆኖም ሆድ ያውካል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ለ45 ኪሎ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኩላሊት ግምታቸው ከ30 በታች ከሆነም ጭራሽ አይሰጥም። ቪልዳግሊፕቲን ወይም ሲታግሊፕቲን ከተገኘና አቅም ከፈቀደ፣ መጠኑ ለኩላሊታቸው ተስተካክሎ፣ ለእሳቸው ይስማማል። ሁለቱም ካልሆነ ከግሊቤንክላማይድ ግሊክላዛይድ በትንሽ መጠን ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ከምግብ ጋር እንጂ ጎህ ሳይቀድ በባዶ ሆድ አይወሰድም። ግሊሜፒራይድ ሊቀይሩላቸው ካሰቡ ግን እሱም ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ስለሆነ ብዙ አልተሻሻለም።

ስለ ጾሙ ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ ይህን እናትዎ ከእኔ ይልቅ ከንስሐ አባታቸው ቢሰሙት ይቀበሉታል። እባክዎ ንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩልኝ፤ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ያስረዷቸው። እናትዎ የምግቡን ዓይነት ጠብቀው የምግቡን ሰዓት ማቅረብ ቢችሉ እንኳ አደጋው በብዙ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዳይክሎፌናክ ነው። ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ቀላል ይመስላል እንጂ በእናትዎ ዝርዝር ውስጥ ኩላሊትን የሚጎዳው ዋናው እሱ ነው። ኩላሊት ደም በሚያንሰው ጊዜ ወደ ውስጥ የሚገባውን የደም ሥር አስፍቶ ራሱን ይጠብቃል፤ ዳይክሎፌናክ ይህን ማስፋት ይከለክለዋል። ኢናላፕሪል በበኩሉ የሚወጣውን የደም ሥር ያላላል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ውኃና ጨው ያስወጣል። በመግቢያው ጠብቦ፣ በመውጫው ላልቶ፣ ውኃውም ሲያንስ የማጣራት ግፊቱ ይወድቃል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ፣ በተለይ ውኃ ሳይጠጣ በሚዋልበት የጾም ቀን ወይም ተቅማጥ በመጣ ጊዜ፣ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ለሆድ ማጽጃ ኮሶ የመጠጣት ልማድ ካላቸው ያው ተቅማጥ ነው፤ ጨርሶ አይሞከር። በዚህ ላይ ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያቆስላል፤ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም ነው፣ ያን ዕለት ሆስፒታል። ክኒኑን በመርፌ መቀየርም መፍትሔ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በደም በኩል ስለሆነ በየትም ቢገባ ያው ነው።

ምትኩ ፓራሲታሞል ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሕመሙ ሲብስ ብቻ አንድ ክኒን ይውጥና «አልሠራልኝም» ይላል። ለጉልበት መገጣጠሚያ በሰዓቱ ነው የሚወሰደው፦ ለ45 ኪሎ ሰው 500 ሚሊግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከ2 ግራም ሳይበልጥ። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለ ተደራርቦ ከልክ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ከሱ ጋር በጉልበት ላይ የሚቀባ የዳይክሎፌናክ ጄል መጠቀም ይቻላል፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። አንድ ሰው የማያስታውሰው ነገር ልጨምር፦ ዳይክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በየቀኑ የሚወስደው ሰው ሲያቆም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል የግፊቱ መድኃኒት በዝቶ ይገኛል። ስለዚህ ካቆሙ በኋላ ለሁለት ሳምንት ግፊታቸውን ደጋግመው ይለኩ። ልኬቱ ተቀምጠው ብቻ አይሁን፦ አምስት ደቂቃ ተኝተው አንድ ጊዜ፣ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ሌላ ጊዜ። ላይኛው ቁጥር ሲቆሙ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መውደቃቸው ከዚህ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ሐኪሙም መጠኑን የሚያስተካክለው ያንን አይቶ ነው።

ሦስተኛው አሚትሪፕቲሊን ነው። ለእንቅልፍ ሲታዘዝ ትንሽ ቢመስልም አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይዘጋል፣ ሲነሡ ግፊት ይጥላል፣ አንጎልንም ያደናግራል። ሌሊት ለሽንት የሚነሱ እናት ይህን ውጠው በጨለማ ሲራመዱ መውደቅ ይጠበቃል። ግን በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። በሐኪሙ ፈቃድ ለሁለት ሳምንት ግማሽ፣ ከዚያ ማቆም የተለመደ መንገድ ነው። በምትኩ ዲያዜፓም ይሰጠን ማለት ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ከላይ ያየነው ያ 90 ሰዓት ነው። ሌላ ቤት ውስጥ ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ የሚወስድ አረጋዊ ካለ ግን በድንገት ቢያቆም የሚጥል በሽታ ሊቀሰቀስ ስለሚችል ቅነሳው በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው። የእናትዎን የእንቅልፍ ችግር መነሻም ይፈልጉ፦ ሽንት የሚያበዛውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ማታ ከሆነ የሚወስዱት ሌሊት የሚያስነሳቸው እሱ ነው፤ ጠዋት ይሁን። ጉልበታቸው ሌሊት የሚጠዘጥዝ ከሆነ የመኝታ ሰዓቱ ፓራሲታሞል ከአሚትሪፕቲሊን የተሻለ ያስተኛቸዋል። ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሸጡት ክሎርፌኒራሚን፣ ዲፈንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚንም ከአሚትሪፕቲሊን ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው፤ የጉንፋን ክኒን ሲገዙ ማሸጊያው ላይ እነዚህን ስሞች ካዩ ለእሳቸው አይሁን።

እነዚህ አስጊ ያልኳቸው ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1991 ቢርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው፣ አሁን የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በሚያድሰው ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. የ2023ቱ እትምም 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በተቻለ መጠን እንዲቀሩ ይመክራል። ዝርዝሩ ሕግ አይደለም፤ ለአንዳንድ ሰው ከነአደጋው የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ለእናትዎ ግን ለሦስቱም የተሻለ ምትክ ስላለ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም።

ግማሽ አድርጎ መስበርን በተመለከተ፣ ሁሉም መድኃኒት በዕድሜ አይቀነስም። የአንቲባዮቲክን መጠን በግምት መቀነስ ጀርሙን ያተርፈዋል፤ የሚስተካከለው በኩላሊት ስሌት ብቻ ነው። ጭራሽ የማይሰበሩም አሉ፦ ብዙ የግፊት ታማሚ የሚወስደው ቀስ እያለ የሚለቀቀው ኒፌዲፒን 20 ተሰብሮ ወይም ተፈጭቶ ቢዋጥ የሰዓታቱ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ተለቆ ግፊቱን ያዘቅጠዋል። ኢናላፕሪል ይሰበራል፤ ነገር ግን ከቆሙ በኋላ የተለካው ግፊት ሳይታይ መቀነስ በሌላ በኩል ለስትሮክ ያጋልጣል።

እንግዲህ ላድርገው የሚሉት ይህ ይሁን። ዳይክሎፌናኩን ዛሬ ያቁሙ፤ ለዚህ ማንንም መጠበቅ አያስፈልግም። ግሊቤንክላማይዱን ሐኪሙ በቀነሰው መጠን፣ ከምግብ ጋር ብቻ ይስጡ፤ በማይበሉበት ሰዓት አይስጡ። በዚህ ሳምንት ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ በቤት ያለውን ሁሉ፣ የጉንፋኑንም የባህሉንም መድኃኒት ጨምረው፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ በስም ከመዘርዘር ማሸጊያውን ማሳየት ይሻላል። ግሊቤንክላማይድ እንዲቀየር፣ አሚትሪፕቲሊን ደረጃ በደረጃ እንዲቆም ይጠይቁ፤ ክሬቲኒን፣ ሶዲየምና ፖታሲየምም ይታዘዝ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሶዲየምን ስለሚያወርድ መቀባጠሩ ከሱም ሊሆን ይችላል፤ ስኳሩ በዚያ ሰዓት ተለክቶ ደህና ከተገኘ ቀጥሎ የምጠረጥረው እሱን ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ክሊኒካል ፋርማሲስቶችን የሚያሠለጥን ስለሆነ በሆስፒታሉ የመድኃኒት ዝርዝር የሚመረምር ባለሙያ ይጠይቁ። ሲወድቁ ራሳቸውን መትተው ከነበረ፣ ከዚያ ወዲህም ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም በአረጋውያን ከሳምንታት በኋላም ይገለጣል።

ዳይክሎፌናክ በቆመ በሁለት ሳምንቱ ክሬቲኒን እንደገና ይታይ። ወደ 0.8 ከወረደ ስሌቱ 42 ገደማ ይሰጣል። ያን ቁጥር ከክብደታቸው ጋር በሕክምና ካርዳቸው ላይ ይጻፉት፤ ከእንግዲህ አዲስ መድኃኒት የሚያዝ ሁሉ መጠኑን ከዚያ ተነሥቶ ይወስን።